ብዛቱ ያልተጻፈበት የምግብ ፕሮግራም

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ትምህርት ቤት የሚባል ደጅ ረግጬ አላውቅም። አጻጻፌም እንደ ወሬዬ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ ነው የምሄደው። ታገሡኝ።

አሁን የምኖረው ሴት ልጄ ጋ፣ አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጉልበቴን ጨርሶታል። ወርጄ ብዙ ስለማልሄድ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ድሮ የኖርኩት የካ ነው፣ ጋራው ሥር፣ የባሕር ዛፉ ጫካ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ። ባሌ ግንበኛ ነበር፤ የሞተውም ወንዱ ልጄ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ነው። ደህና ሰው ነበር፤ ዝምተኛ። ስለ እሱ ብዙ የምጽፈው የለኝም።

ጊዜው የደርግ ነው። ቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ከፍቶ ነበርና ወጥ ሠሪ ሆኜ ገባሁ። ልጆቹ ስልሳ ሦስት ነበሩ። የስልሳ ሦስቱንም ሆድ አውቅ ነበር። አንዷ ወተት ከጠጣች ያስቀምጣታል፤ አንዱ ጎመን ካየ ያቅለሸልሸዋል፤ ሁለት መንትዮች ነበሩ፣ አንዱ የሁለት ሰው ይበላል፣ ሌላው የወፍ። እኔ ምግብ የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሚበላውን አፍ አያለሁ፣ ከዚያ ድስቱን፣ ከዚያ ምን እንዳለኝ ጓዳውን አያለሁ። አፉን ሳላይ እሳት አላነድም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ እናቴም እንደዚያ ነበረች።

አንድ ማክሰኞ የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀት ይዞ ወጥ ቤት መጣ። ቀጭን ልጅ ነበር፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል፤ ሰው ግን ያከብራል።

“እትዬ፣ ከከፍተኛው የመጣ ነው። የአንድ ሳምንት የምግብ ፕሮግራም አዘጋጅተው እስከ ነገ እንዲሰጡኝ” አለ።

“ለልጆቹ?”

“ለልጆቹ አይደለም። በአዳራሹ ለሚስተናገዱ ነው።”

ከፍተኛ የምንለው የቀበሌዎቹ የበላይ የሆነውን ጽሕፈት ቤት ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ጉዳዩ፦ የምግብ ፕሮግራም ስለማዘጋጀት። በአዳራሹ ለሚስተናገዱ የአንድ ሳምንት የቁርስ፣ የምሳና የራት ፕሮግራም በአስቸኳይ ተዘጋጅቶ እንዲቀርብ። ከዚያ ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ፊርማ፣ ማኅተም። አለቀ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። ባዶ ነው።

“ስንት ሰው ነው?” አልኩት።

“አልተጻፈም።”

“እሱንማ አየሁ። ስንት ሰው ነው ያልኩህ።”

“ገና አልታወቀም፣ እትዬ።”

“ለቀለቡ የተፈቀደው ገንዘብስ?”

“እሱም በኋላ ይገለጻል ተብሏል።”

“በምንድን ነው የማበስለው? የእኔ ድስት የስልሳ ሕፃን ነው። ምድጃዬ ሁለት ነው።”

“እሱን እርስዎ ያውቃሉ ብለን ነው እንጂ…” ሳቅ ቢጤ አለ። “የእድሩን ብረት ድስት እናስወጣለን።”

“እሺ፣ ምግቡ የማይስማማው ሰውስ? የጨጓራ በሽተኛ አለ፣ ሽማግሌ አለ፣ የምታጠባ አለች፤ በርበሬ የማይነካ አለ።”

ይህን ስለው ጸሐፊው ፊቱ ቀለል አለው፤ በመጨረሻ መልስ ያለው ጥያቄ አገኘ።

“ስለሱ አይጨነቁ። ሽማግሌም ሴትም የለበትም። ሁሉም ጤነኛ ናቸው፤ ሕመምተኛ አይገባም። ድንጋይ ቢሰጧቸው ይፈጫሉ።”

ወጥቶ ሄደ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር፣ መላጤን ቀጠልኩ።

ብዛታቸው አልታወቀም። ሁሉም ግን ጤነኛ ናቸው። ሴት የለም፣ ሽማግሌ የለም፣ ሕፃን የለም። ሁለተኛውን ሽንኩርት ስጨርስ ገባኝ። ብዛታቸው ያልታወቀው ገና ስላልተያዙ ነው።

ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ መጀመሪያ በምዝገባ ነበር የሚሄዱት፤ ስም ተጠርቶ፣ ጎረቤት ስንቅ ቋጥሮ። በኋላ ግን የተጠራው አልመጣ ሲል በሌላው ሰፈር ወጣት ከመንገድ እየታፈሰ መሆኑን ሰምተን ነበር። እኛ ሰፈር እስከዚያ ቀን አልደረሰም። ወንዱ ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ምን ተሰማሽ ብትሉኝ ምንም። የልጆቹን ምሳ አበላሁ፣ ሳህን አጠብኩ፣ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ።

ጎረቤቴ ሰባተኛ ክፍል የደረሰች ናት፤ ጽሕፈቷ ያምራል፤ የቀበሌ ወረቀት ሲኖርብኝ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። አጥራችን አንድ ነው። የእሷም ልጅ ከልጄ ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ በሁለት ወር ነው የሚበላለጡት። ሁለቱንም አጥብተናል፤ እሷ ወባ ይዟት በተኛች ጊዜ የእሷን እኔ፣ እኔ ገበያ ስውል የእኔን እሷ።

ወረቀቱን አየችና ሳቀች።

“ይኼ ምን የሚሉት ትእዛዝ ነው? ስንት ሰው እንደሚበላ ሳይነገር! ‘ልብስ ስፊ፣ ለማን እንደሆነ ግን አትጠይቂ’ እንደማለት እኮ ነው።”

“በይ ጻፊ።”

“ምን ብዬ? ለአሥር ሰው ነው ለመቶ?”

“በቁጥር የሚታደል ነገር እናውጣ። እንቁላል የለም። ሥጋ የለም፣ ሥጋ ቁራጭ ይቆጠራል። ዳቦም ቢሆን ለቁርስ አይሆንም፣ ቅንጬ አድርጊው። ምሳና ራቱን ውሃ የሚያበዛው ወጥ አድርጊ፤ ሽሮ፣ ክክ፣ ድንች በጎመን። ሰው ሲጨመር ውሃ ይጨመራል፤ ሲጎድል ይወፍራል።”

“እንጀራውስ? እንጀራ ይቆጠራል።”

“እንጀራው ላይ ቦታ ተዪ።”

ቦታ ተወች። ብልህ ነበረች፤ ቀለበት የምታህል ክብ አድርጋ ነው የተወችው። ረቡዕና ዓርብ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሳች።

“ጾም ብዬ ልጻፍ?”

“ጾም የሚል እንዳትጽፊ፤ ጥያቄ ያስነሳል። ምግቡ ራሱ የጾም ነው፣ ማን ይለየዋል?”

“እንግዲያው ረቡዕ ተልባ ፍትፍት ይሁን። ርካሽ ነው፣ ብዙ እሳትም አይፈልግም።”

“ተልባ ይቅር።”

“ለምን?”

ወንዱ ልጄ ተልባ አይስማማውም። ሕፃን ሳለ አንድ ጊዜ ቀምሶ ከንፈሩ አበጠ፣ ገላው በሙሉ ሽፍ አለ፣ ትንፋሽ አጠረው፤ የካ ሚካኤል ጠበል ወስጄው፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ በመርፌ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ተልባ ቤቴ አልገባም። ጎረቤቴም ይህን ታውቃለች።

“ያንቺ ልጅ አይበላበት፣ ምን ቸገረሽ?” አለች።

ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ነገር ግን ሰው ሲያውቅ ሰው ይሰማል፤ እሷ ለእህቷ ትነግራለች፣ እህቷ ለባሏ፣ ባሏ የአብዮት ጥበቃ ነው። ወሬው ከእኔ ወጥ ቤት እንደወጣ ይታወቃል። ይህን ሁሉ አሰብኩ፤ እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ አሰብኩት። “እውነትሽን ነው፣ ተልባ ይግባ” አልኩ።

መጨረሻ ላይ ስለ ምድጃው ጻፍን። የእድሩ ትልልቅ ድስቶች በሦስት ጉልቻ ላይ እንዲጣዱ፣ ለዚያም ማገዶ ከእንጦጦ እንዲመጣ፣ በአህያ፣ ቢያንስ ስምንት ጭነት። ይህን ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም። ለትልቅ ድስት ቅጠል አይሆንም፣ ግንድ ያስፈልጋል፤ ማንኛዋም ወጥ ሠሪ ይህን ሳትጽፍ አትፈርምም።

ዕለቱን ልጄን ወደ ጋራው ሰደድኩት። የእህቴ ባል እንጦጦ ላይ ትንሽ መሬት ነበረው፤ ገብስ ይዘራል፣ ሦስት አህያ አለው፣ እንጨት ይሸጣል። ልጄ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበርና ዱቄቱን ሳያራግፍ ነው የመጣው።

“ተነሥ፣ አክስትህ ጋ ሂድ” አልኩት።

“ምን ተፈጠረ? አመማት?”

“አላመማትም። ሊያፍሱ ነው።”

“ማን አለሽ?”

“ሽንኩርት” አልኩት። እየቀለድኩ አልነበረም፤ እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። እሱ ግን ሳቀ።

“እማዬ፣ አንቺ ሥራ በዝቶብሻል። ጓደኛዬንም ይዤው ልሂድ?” የጎረቤቴን ልጅ ማለቱ ነው።

“ብቻህን ሂድ። ሁለት ሲሆን ይታያል።” እንዲህ አልኩ። ይህንንም አልኩ። “እኔ ሳልልክብህ እንዳትወርድ። ሰምተሃል? ከእኔ መልእክት ሳይመጣ።”

“እሺ።”

ጋቢውን ይዞ በሚካኤሉ በላይ ባለው ቀጭን መንገድ ወጣ። ዞር ብሎ አላየም፤ እኔም ቆሜ አላየሁትም፤ ማሽላ ነበረኝ፣ መልቀም ነበረብኝ።

ሐሙስ አፈሱ። በጠዋት ነው፣ ሰው ሥራ ሲሄድ። ከላምበረት በኩል ያለውን መንገድ ዘጉት፣ ከታችም ዘጉት። ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ አርባ አንድ ሆነዋል፤ በመስኮቱ ቆጥሬ ነው። የጎረቤቴ ልጅ አለበት። እናቱ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ “ልጄ! ልጄ!” ትላለች፤ ጥበቃዎቹ “እናት፣ ለእናት አገር እኮ ነው፣ አታሳፍሪን” ይሏታል። እኔ የልጆቹን ድስት ለሁለተኛ ጊዜ ጣድኩ። እነዚያ አርባ አንድ፣ ድስቱ የስልሳ ሕፃን፤ አይበቃም። ውሃ ጨመርኩ።

ጸሐፊው እየሮጠ መጣ። “እትዬ፣ የእድሩ ድስት መጥቷል። ማገዶውም ታዟል፣ እንዳሉት ነው የተደረገው።”

“ማን ነው የሚያመጣው?” አልኩት።

“ጥበቃ ልከን ነበር። የእህትዎ ባል አህያ አለው ተብሎ እዚያ ነው የሄደው። ‘የወጥ ቤቷ መልእክት ነው፣ እንጨት አምጡልኝ ብላለች’ በላቸው አልነው፤ የራስዎ ሰዎች ስለሆኑ ቶሎ እንዲወርዱ ብለን።”

ደግ ያደረገልኝ መስሎት ነው። ፊቱን አስታውሳለሁ፤ ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

ሮጬ በር ድረስ ሄድኩ። ሦስቱ አህዮች ገብተዋል። የእህቴ ባል አይደለም የመጣው፤ በኋላ እንደሰማሁት የዚያን ቀን የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ነበረበት። ልጄ ነው። የመጨረሻውን ጭነት ከአህያዋ ላይ እየፈታ ነበር። ሁለት ጥበቃዎች ከኋላው ቆመው እስኪያራግፍ ይጠብቁታል። እንጨቱን ሙሉ ለሙሉ አስወረዱት። ከዚያ ነው ክንዱን የያዙት።

“ልከሽብኝ አይደለም እንዴ?” አለኝ።

“ልኬ ነው” አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ጸሐፊውን ለመንኩት። እግሩ ላይ ወደቅሁ ልበል? አልወደቅሁም፤ ቆሜ ነው የለመንኩት፣ ሸመታ ላይ ዋጋ እንደማስቀነስ። “ያለ አባት ያሳደግኩት ነው፤ እንጨት ሊያደርስልኝ ነው የመጣው” አልኩ። እሱም አፈረ፤ ጫማውን እያየ “እትዬ፣ ኮታው አልሞላም። አሁን አንድ ስም ብሰርዝ የእኔ ይገባበታል” አለኝ። እውነቱን ነበር፤ እሱም ዕድሜው ሃያ ሦስት ቢሆን ነው።

ስምንት ቀን እዚያ አዳራሽ ቆዩ። በየቀኑ ብዛታቸው ይለያያል፤ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ በሰው በሰው ይወጣል። እኔ ፕሮግራሙን ተከትዬ ሠራሁ። ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞ ክክ። ልጄ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ሳህኑን ይዘረጋል፣ እኔ እጨልፋለሁ። “እንደምን አደርሽ?” ይለኛል፤ “ደህና” እለዋለሁ፤ ቀጣዩ ሳህን ይመጣል። ይኸው ነው። ሰው ልጁን በየቀኑ ሦስት ጊዜ እያየ ምንም ሳይነጋገር ስምንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅሁት። ምንም አልተሰማኝም እላለሁ፤ ሴት ልጄ “ውሸትሽን ነው” ትለኛለች። ጭልፋው ግን ይከብደኝ ነበር።

ረቡዕ ተልባው ደረሰ። ለእሱ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ለብቻ ቋጥሬ ሰጠሁት። አንድ ጥበቃ አየ።

“ኧረ! ለልጅሽ ልዩ ምግብ! እዚህ ቤት መሳፍንት አሉ እንዴ?”

“ልዩው ደረቅ እንጀራ ነው፤ ከፈለግህ ተለዋወጡ” አልኩት።

ወጣቶቹ ሳቁ። ጥበቃውም ሳቀ። የጎረቤቴ ልጅ “እኔ ልቅመስለት፣ ብሞት ምን ይቀርብኛል” ብሎ የልጄን ድርሻ ተልባ በላ። ሁለት ሳህን። ሲበላ አሁንም ይታየኛል፤ ከንፈሩ ዙሪያ ተልባ ሆኖ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ጸሐፊው ፕሮግራሜን መልሶ አመጣልኝ። ከከፍተኛው ተመልሷል። በቀይ እስክሪብቶ፦ የተመጋቢዎች ብዛት፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ የማብሰያ ዕቃው ዓይነትና ምግብ የማይስማማቸው ሰዎች መኖር አለመኖራቸው ስላልተገለጸ ተሟልቶ ይቅረብ። አነበብኩት። ጸሐፊውም ከኋላዬ ሆኖ አነበበው። አልተያየንም። “ስንት ብለን እንሙላ?” አለኝ። “ስንት ናቸው ዛሬ?” አልኩት። “ዛሬ ሃምሳ ስድስት።” ሃምሳ ስድስት ብለን ሞላን። የማይስማማው የሚለው ቦታ ላይ አንድ፣ ተልባ፣ አልን። ስም አይጠይቅም።

ዓርብ ጠዋት መኪናው መጣ። ልጄን ለማቀፍ ጊዜ ሰጡኝ፤ እኔ ግን የያዝኩት ከመኪናው ጋር የመጣውን አሥር አለቃ እጅጌ ነበር፤ “ይህ ልጅ ተልባ አይበላም፣ ይሞታል፣ ለወጥ ቤታችሁ ንገሩልኝ” እያልኩ። “እሺ እናት፣ እሺ እናት” አለ፤ አልጻፈውም። መኪናው ላይ ሆኖ ልጄ “እማዬ እኔ እነግራቸዋለሁ!” ብሎ ጮኸ። የጎረቤቴም ልጅ ከጎኑ ነበር፤ እናቱን እየፈለገ ነበር፤ እናቱ ግን ራሷን ስታ ቤት ተኝታለች።

ምሳው ተሠርቶ ነበር። የሃምሳ ስድስት ሰው ድንች በጎመን። ለሰፈሩ አደልነው።

ከልጄ ሁለት ደብዳቤ መጣ። በመጀመሪያው ምግቡ መልካም እንደሆነ ጽፏል። በሁለተኛው ጓደኛው፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ መሞቱን ለእናቱ እንዳልነግር ለምኖኛል፤ ከመንግሥት ትስማ ብሎ። ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። መንግሥት ሲለወጥ ከሰሜን በእግራቸው ሲመጡ የነበሩትን ወታደሮች ላምበረት መንገድ ዳር ቆሜ ሦስት ሳምንት ሙሉ አየሁ። አልነበረበትም። አሁን ቤተ ክርስቲያን ስሙን ሳስጠራ በሙታን በኩል ነው የማስጠራው።

ይህ ግን በኋላ ነው። ልጆቹ በሄዱ በዓመቱ፣ የጎረቤቴም መርዶ ከመንግሥት ከመጣ በኋላ፣ ጸሐፊው እንደገና ወጥ ቤት መጣ። አልቸኮለም ያን ቀን። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በአዳራሹ ለሚስተናገዱ። ብዛት የለም፣ በጀት የለም፣ ዕቃ የለም።

ወደ ጎረቤቴ ይዤው ሄድኩ። እስክሪብቶና ወረቀት አወጣች፣ ተቀመጠች።

“በይ ተናገሪ” አለች። “ሽሮ ነው?”

“እንደ አምናው ገልብጪው። እኔ መውጣት አለብኝ።”

“ወዴት?”

“ወንድ ልጅ ያላቸው ቤት። በየበሩ። ከማታ በፊት ልደርስባቸው እፈልጋለሁ።”

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ወረቀቱን አየችው፤ ከላይ እስከ ታች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኗን አልሸሸሁም፤ ልሸሽ ብፈልግም አልቻልኩም። ያኔ አምና ምን አውቄ እንደነበር አወቀች።

አልጮኸችም። “ከላይ ከጫፉ ጀምሪ” አለችኝ፣ “ከጫካው አጠገብ ካሉት፤ እነሱ ሩቅ ናቸው።” ከዚያ አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች። ነጠላዬን አደግድጌ ወጣሁ።